«ግፊቷ ደህና ነው»

ለመመረቅ የተቃረቡ የሚድዋይፈሪ ተማሪዎችን በስኪል ላብ አለማምዳለሁ። ከወሊድ በኋላ የሚከሰት የደም መፍሰስን በሲሙሌሽን ሳዘጋጅ ደሙ ገና ከጅምሩ እየተንዠቀዠቀ እንዲወርድ አላደርግም። እንደዚያ ከሆነ ማንም ያየዋል፤ ሁሉም ይሯሯጣል። የሚያዘናጋው በጨርቅ ተሸፍኖ ቀስ እያለ የሚፈሰው ነው። ይህን ሴናሪዮ የጻፍኩት ለእሱ ነው።

ታካሚዋን የተጫወተችው የሥራ ባልደረባዬ ናት። ሆዷ ላይ የማዋለጃ ሞዴል አሰረች። ሞዴሉ ሰው ሠራሽ ደም የያዘ ከረጢት አለው። ደሙን የምትለቀውም፣ ማኅፀኑን የምታለሰልሰውና የምታጠነክረውም ራሷ ናት። ታሪኳ አጭር ነው። 32 ዓመቷ ነው፤ አራተኛ ልጇን ከወለደች 15 ደቂቃ ሆኗታል። ምጡ ረዝሞባታል፤ ልጁ 4.1 ኪሎ ይመዝናል። እንግዴ ልጁ ሙሉ ሆኖ ወጥቷል፤ ደም መፍሰስን ለመከላከል ማኅፀን የሚያኮማትረው ኦክሲቶሲን 10 ዩኒት ጡንቻዋ ላይ ተወግታለች። ከረጅም ሰዓት ጀምሮ ሽንቷን አልሸናችም። ይህን የመጨረሻውን ግን ለተማሪዎቹ አልነገርኳቸውም። ከጠየቋት ብቻ ትነግራቸዋለች።

ዓላማዎቹ ሦስት ብቻ ናቸው። አንደኛ፣ የደም ግፊቷ ሳይወርድ መፍሰሱን ማወቅ። ሁለተኛ፣ ሕክምናውን አንድ በአንድ እየሞከሩ ውጤት ከመጠበቅ ይልቅ በአንድ ላይ መጀመር። ሦስተኛ፣ ማን ምን እንደሠራ ጮክ ብሎ መናገር። ከዚህ በላይ ዓላማ ከጨመርን ከልምምዱ በኋላ በምናደርገው ውይይት፣ በዲብሪፊንጉ፣ ላይ አንዱንም በቅጡ ሳናነሳ ሰዓቱ ያልቃል።

የባልደረባዬን ቃለ ተውኔት በደቂቃ ከፋፍዬ ጻፍኩት። መጀመሪያ ላይ ደህና ናት፤ ስለ ልጇ ታወራለች። የልብ ምቷ 88፣ ግፊቷ 118/72 ነው። ሦስተኛው ደቂቃ ላይ «ጠማኝ፤ ብርድ ብርድም አለኝ» ትላለች። በዚህ ጊዜ የልብ ምቷ 104፣ ግፊቷ 112/70 ይሆናል፤ የፈሰሰው ደም 300 ሚሊ ሊትር ደርሷል። ስድስተኛው ደቂቃ ላይ «ዓይኔን ጭልም አለብኝ፤ ልጄን ያዙልኝ» ትላለች። ምቷ 124፣ ግፊቷ 98/60፣ ደሙ 600 ይሆናል። ከዚያ በኋላ ካልደረሱላት መልሷ እየደከመ ይሄዳል። አንድ ጥብቅ ትእዛዝም ሰጥቻታለሁ፦ የሽንት ፊኛዋ ካልተራገፈ ማኅፀኑ አይጠነክርም።

አምስቱ ተማሪዎች ገቡ። ራሳቸውን አስተዋወቁ፤ ቫይታል ሳይን ለኩ። የደም መሰብሰቢያውና መለኪያው ፕላስቲክ ጋሪው ላይ ነበር፤ ያነጠፈላት አልነበረም። ከሥሯ ያለው የታጠፈ ጨርቅ ነው።

«ጠማኝ» አለች ባልደረባዬ። አንዷ ተማሪ «አይዞሽ እናቴ፣ አሁን ውኃ አመጣልሻለሁ» አለችና ሄደች። ሌላው ግፊቷን ለክቶ «112/70፤ ግፊቷ ደህና ነው» አለ። የልብ ምቷን 104 ብሎ እዚያው መስመር ላይ ጻፈው። እስክሪብቶው ቁጥሩ ላይ አፍታ እንኳ አልቆየም።

እኔ ጥግ ላይ ቆሜ የማየው ያንን መስመር ነበር። ምቱን ለላይኛው ግፊት ብናካፍለው መጀመሪያ 0.75 ነበር። አሁን 0.93 ሆኗል። ይህ ቁጥር 0.9 ሲያልፍ መጠራጠር ያስፈልጋል። የወለደች ሴት አካል ደም ሲያጣ ልቡን አፍጥኖ፣ የደም ሥሮቹን አጥብቦ ግፊቱን ለጊዜው ይይዘዋል። የምትጠማውና ብርድ የሚሰማትም በዚሁ ምክንያት ነው። ግፊቱ ሲወርድ ብዙ ደም ሄዷል ማለት ነው። 500 ሚሊ ሊትር እስኪሞላ መጠበቅም አያስፈልግም፤ 300 ላይ ሆኖ ቫይታል ሳይኑ ከተዛባ ሕክምና ይጀመራል።

ጨርቁ የተነሳው ዓይኗን ጭልም ሲላት ነው። ከዚያ በኋላ የሠሩት ሥራ ግን ደስ ይላል። አንዷ እርዳታ ጠራች። አንዷ ማኅፀኑን ማሸት ጀመረች። የደም ሥር ካኑላ ገባ፤ ኦክሲቶሲን 20 ዩኒት በ1 ሊትር ኖርማል ሳላይን ተሰቀለ። የረጋ ደም እንዳይሟሟ የሚያደርገው ትራኔክሳሚክ አሲድ 1 ግራም በደም ሥር፣ በ10 ደቂቃ ውስጥ ቀስ ብሎ እንዲሰጥ ተዘጋጀ። ከወሊድ በኋላ ባሉት 3 ሰዓታት ውስጥ መሰጠት እንዳለበትም አንዱ አስታወሰ። ማኅፀኑ ግን አሁንም ለስላሳ ነው። የምታሸው ልጅ «ከእምብርቷ በላይ ወጥቷል፤ ወደ ቀኝም ያዘነብላል» አለች። ትክክል ብላለች። ቡድኑ ግን ሰምቶ አለፋት። ሰዓቱ ሲያልቅ የሽንት ማስወጫው ካቴተር ገና ከነማሸጊያው ነበር።

ዲብሪፊንጉን ሌላ ክፍል ውስጥ ክብ ሠርተን ተቀመጥን። መጀመሪያ ምን እንደተሰማቸው ጠየቅኩ፤ ልባቸው ሳይረጋጋ ትንታኔ ውስጥ መግባት አይሆንም። «ለምን ጨርቁን አላያችሁም?» ብሎ መጀመርንም አልወደውም። እንዲህ ሲጠየቅ ሰው ራሱን ይከላከላል። የጻፍኩት ጥያቄ «ጠማኝ ስትልሽ ምን አሰብሽ?» የሚል ነው።

ውኃ ያመጣችው ልጅ ትንሽ ዝም አለች። «ሲስተር፣ ምጥ ስለደከማት መሰለኝ» አለች። ምክንያቷ ሞኝነት አይደለም። ምጥ ያደክማል፤ ያስጠማል። ወደ ልጁ ዞሬ «112/70 ያልከው ላይ ምን አሳረፈህ?» አልኩት። ወረቀቱን ተቀብሎ አየና ጣቱን 104 ላይ አሳረፈ። ከዚያ በላይ መናገር አላስፈለገውም።

«ኦክሲቶሲኑ መጀመሩን በምን አወቃችሁ?» ስል ሦስቱ ተማሪዎች የተለያየ መልስ ሰጡ። ከረጢቱ ተሰቅሏል፤ ጠብታው መከፈቱን የተናገረ ግን የለም። አንዷ እንዲያውም ገና እንዳልተጀመረ አስባ ሁለተኛ ልታዘጋጅ ነበር። ረጅም ጊዜ የወሰደብን ግን «ማኅፀኑ ወደ ቀኝ ያዘነበለው ለምን ይመስላችኋል?» የሚለው ነው። በመጨረሻ ያሸችው ልጅ ራሷ «ፊኛዋ!» አለች። የሞላ ፊኛ ማኅፀኑን ወደ ላይና ወደ ጎን ይገፋዋል፤ እንዳይኮማተር ይከለክለዋል። እያሸህ፣ መድኃኒት እየሰጠህም ደሙ ላይቆም ይችላል።

መጨረሻ ላይ ባልደረባዬን እንደ ታካሚ ሆና እንድትናገር ጠየቅኳት። «ውኃውን ስትሰጪኝ ደስ አለኝ» አለቻት ልጅቷን። «ግን ጠማኝ ያልኩት የሆነ ነገር እየሆንኩ እንደሆነ ስለተሰማኝ ነው። እኔ ከሥሬ ያለውን ማየት አልችልም።»

ዕረፍት ሳንወጣ ሴናሪዮውን ደገምነው። መደጋገሙ አጥብቄ የምይዘው ነገር ነው፤ በንግግር የገባው በእጅ ካልተሠራ አይቆይም። በሁለተኛው ዙር ፕላስቲኩ ከመጀመሪያው ተነጠፈ። «ጠማኝ» ስትል ያቺው ልጅ አንሶላውን ገለጠች፤ በሌላ እጇ ማኅፀኑን ዳሰሰች። «300 አልፏል፤ ምቷ 104፤ እርዳታ ጥሩ» ብላ ጮኸች። ካቴተር ከኦክሲቶሲኑ ጋር አብሮ ገባ። ልጁ «ኦክሲቶሲን 20 ዩኒት ተከፍቷል» ሲል ሌላዋ መልሳ ደገመችለት። ማኅፀኑ ጠነከረ።

ተማሪዎች ሴናሪዮ እርስ በርስ እንደሚነጋገሩ አውቃለሁ፤ የሚቀጥለው ቡድን ካቴተር ይዞ ነው የሚገባው። ስለዚህ ለእነሱ ታሪኩን ቀየርኩት። ፊኛዋ ባዶ ነው፤ ማኅፀኑም ገና ሲነካ ጠንካራ ነው። ደሙ ግን ይፈሳል፤ ቀይና ትኩስ ሆኖ፣ ሳያቋርጥ። የማኅፀን አንገቷ ላይ መቀደድ አለ። ማሸቱን ትተው መብራት አስጠግተው እስኪያዩ ድረስ ባልደረባዬ የደሙን ቁልፍ አትዘጋውም።