ከ500 ዶላር ላይ የጎደለችው 1,800 ብር

የእማዬን ቤት ጣሪያ ለመቀየር ደሴ ፒያሳ አካባቢ ካለ ሱቅ ቆርቆሮና ሚስማር በ78,000 ብር ተስማማሁ። ዋጋውን ስቆርጥ ብሩ ገና እጄ አልገባም ነበር። ታናሽ እህቴ የምትኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው። «500 ዶላር እልካለሁ» ብላ የአንድ አዲስ ገንዘብ መላኪያ አፕ ማስታወቂያ ስክሪንሾት ላከችልኝ። በትልልቅ ፊደል 1 ዶላር 156 ብር ይላል። ከሥሩ ደግሞ የአገልግሎት ክፍያ የለም ይላል። 500 በ156 ሲባዛ 78,000 ነው። በዚሁ ሂሳብ ለባለሱቁ ለሐጂ ቃል ገባሁላቸው።

በማግስቱ የባንክ መልእክት ገባ። 76,200 ብር ይላል። ደጋግሜ አየሁት።

«ሐጂ፣ 1,800 ብር ጎደለብኝ። ነገ ላምጣልዎት?» አልኳቸው።

«አብሽር ልጄ፣ አንተ ቆርቆሮውን አስጭን። ስታገኝ ታመጣለህ» አሉኝ።

ቆርቆሮው ተጫነ። እኔ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ማታ ለእህቴ ደወልኩላት።

«ጋሼ፣ ወላሂ 500 ነው የላክሁት። ምንም ክፍያ አልቆረጠብኝም» አለች።

እውነቷን ነበር። አፑም አልዋሸም። ደረሰኙን አብረን ስናየው፣ ከ156 ሥር በደቂቅ ፊደልና በግራጫ ቀለም የተጻፈ ነገር አገኘን። የ156 ተመን ለአዲስ ደንበኛ ብቻ ነው፤ እሱም ለመጀመሪያው 200 ዶላር። ከዚያ በላይ ያለው በመደበኛው ተመን፣ በ150 ይመነዘራል። ስለዚህ 200 በ156 ሲባዛ 31,200 ሆነ። የቀረው 300 በ150 ሲባዛ 45,000 ሆነ። ሲደመር 76,200 ነው። (ተመኖቹን ለስሌት እንዲመቹ አጠጋግቻቸዋለሁ። በየቀኑ ስለሚለዋወጡ ከዛሬው ጋር አታመሳክሯቸው።)

ከዚያ በኋላ ነገሩን ከሥሩ ለማወቅ ቆርጬ ተነሳሁ። መጀመሪያ የገባኝ ዶላሩ ራሱ ወደ ደሴ እንደማይመጣ ነው። የሐዋላ ድርጅቱ እዚህ አገር ካለ ባንክ ጋር ውል አለው። እህቴ እዚያ ዶላር ስትከፍል፣ ባንኩ እዚህ በብር ይከፍለኛል። ዶላሩን ሁለቱ በኋላ በመካከላቸው ይተሳሰባሉ። እንግዲህ በመሃል ሁለት ተመን አለ ማለት ነው። አንዱ ባንኩ ዶላሩን የሚወስድበት ነው። ሌላው አፑ ለእህቴ የሚያሳያት ነው። በሁለቱ መካከል የሚቀረው ልዩነት የአፑ ገቢ ይሆናል። ይሄ ልዩነት ግን «ክፍያ» በሚለው መስመር ላይ አይጻፍም። «ክፍያ የለም» የሚለው አፕ የሚበላው ከዚህ ነው።

ይህን ልዩነት እንዴት ልለካው? እግሬን አነሳሁና ፒያሳ ያሉትን ባንኮች ዞርኩ። ድሮ ቢሆን አንዱን ማየት ይበቃ ነበር። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ወዲህ ግን ብሔራዊ ባንክ ተመኑን ለገበያ ስለለቀቀው፣ ባንኮች የየራሳቸውን ዋጋ ይለጥፋሉ። አንዱ ጋ መግዣ 153፣ መሸጫ 156 ይላል። የሁለቱ መሃል 154.50 ነው። እኔ ይህን መሃል እንደ ሚዛን ያዝኩት። የአፑ መደበኛ ተመን 150 ስለሆነ፣ ከእያንዳንዱ ዶላር ላይ 4 ብር ከ50 ሳንቲም ቀርቷል። በ500 ዶላር 2,250 ብር ይሆናል፤ ወደ 3 በመቶ የሚጠጋ። ያ ሁሉ «ያለ ክፍያ» በሚል ስም ነው የሚሄደው።

ሚዛኑን ስይዝ የማስታወቂያው 156ም ምስጢሩ ተገለጠልኝ። ባንኩ ራሱ ዶላር የሚገዛው በ153 ነው። ታዲያ አፑ በ156 ሰጥቶ እንዴት ያተርፋል? አያተርፍም። ደንበኛ ለመሳብ ከኪሱ እየከፈለ ነው፤ ስለዚህ የሆነ ቦታ ገደብ ያበጅለታል። አሁን ከባንክ መግዣ ዘለግ ያለ ተመን ሳይ መጀመሪያ የምፈልገው ገደቡን ነው። እስከ ስንት ዶላር? ለስንተኛ ጊዜ ላኪ?

እህቴ ሁለተኛ አፕ አወረደች። ይሄኛው 4 ዶላር ክፍያ ይቆርጣል፤ ተመኑ ግን 152.50 ነው። ክፍያውን ስታይ «ይሄማ ያስከፍላል» ብላ ልትተወው ነበር። ቆይ እናስላው አልኳት። ከኪሷ በድምሩ 500 ብቻ ይውጣ ብንል፣ 4ቱ ይቀነስና 496 ይመነዘራል። በ152.50 ሲባዛ 75,640 ብር ነው። «ያለ ክፍያ» የሚለው ግን በመደበኛው ተመን 75,000 ነው የሚሰጠው። የሚያስከፍለው በ640 ብር በለጠ።

በዚህ ጓጉተን ሁሉንም በእሱ እንላክ ልንል ስንል፣ ለእማዬ በየወሩ የምትልከው 100 ዶላር ትዝ አለኝ። ክፍያ የሌለው አፕ ላይ በ150 ሲባዛ 15,000 ብር ይሆናል። የሚያስከፍለው ላይ 96 በ152.50፣ ማለትም 14,640 ብር። ተገለበጠ! 4ቷ ዶላር ትንሽ ገንዘብ ላይ ስታርፍ ከባድ ናት፤ ትልቅ ገንዘብ ላይ ግን አትታይም። የተመን ልዩነት ደግሞ ከገንዘቡ ጋር አብሮ ያድጋል። ሁለቱ የሚገናኙበትን ቦታ ፈለግሁት። 4 ዶላር በ152.50 ሲባዛ 610 ብር ነው። የሁለቱ ተመን ልዩነት 2.50 ነው። 610ን ለ2.50 ስናካፍል 244 ዶላር ይመጣል። ከ244 በታች ስትልክ ክፍያ የሌለው ይሻላል፤ ከዚያ በላይ ሲሆን የሚያስከፍለው።

ስናወዳድር አንድ ነገር እያሳሳተን ነበር። በላይኛው ሳጥን 500 ስትጽፍ፣ አንዳንዱ አፕ ክፍያውን ከ500ው ውስጥ ይቀንሳል፤ አንዳንዱ በላዩ ጨምሮ 504 ያደርገዋል። ያኔ ሁለቱን ብር ማወዳደር ትርጉም የለውም፤ ከኪስ የወጣው እኩል አይደለማ። ስለዚህ ነገሩን ገለበጥነው። በታችኛው ሳጥን፣ ተቀባዩ የሚያገኘው በሚለው ላይ 78,000 ብር ትጽፋለች። አፑ ወደ ኋላ ያሰላል። ክፍያ የሌለው 520 ዶላር አለ። የሚያስከፍለው ከነክፍያው 515 ዶላር ከ48 ሳንቲም። እዚህ አንድ ቁጥር ብቻ ነው የሚታየው፤ ትንሹን መምረጥ ነው። እኔም ለባለሱቅ ቃል ስገባ ብሩን እርግጠኛ ሆኜ ነው።

የሁለቱ አፖች ስክሪንሾቶች ደግሞ በተመሳሳይ ሰዓት የተነሱ መሆን አለባቸው። እኛ የተስማማነው ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። በበጋቸው እሷ ጋ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ይሆናል፤ ሥራ ሳትገባ። የመጨረሻውን ቁልፍ ሳትጫን ሁለቱንም ከፍታ ታነሳልኛለች። መቀበያውም አንድ ዓይነት ይሁን። አንዱ አፕ ወደ ባንክ ሒሳብ ሲሆንና በጥሬ ገንዘብ ሲሆን የተለያየ ተመን አሳይቶናል።

አፑ ጨርሶ የማያሳየው ወጪም አለ። እህቴ አንድ ጊዜ በክሬዲት ካርድ ከፈለች። አፑ ላይ 500 ይላል፣ ጨርሳ ወጣች። በወሩ መጨረሻ የካርዷ መግለጫ ሲመጣ 25 ዶላር ተጨምሮበታል። ካርዱን ያወጣው ባንክ ሐዋላውን ጥሬ ገንዘብ እንደ መበደር ቆጥሮት ነው። አፑ ይህን አይቆርጥም፤ ስለዚህም አይጽፈውም። ከዚያ ወዲህ የምትከፍለው በዴቢት ካርድ ወይም በቀጥታ ከባንክ ሒሳቧ ነው።

አሜሪካ ላለ ላኪ ሕጉ የሚሰጠው ነገር አለ። በፈረንጆቹ ከጥቅምት 2013 ጀምሮ የሐዋላ ድርጅት ገንዘቡን ከመቀበሉ በፊት ተመኑን፣ ክፍያውንና ተቀባዩ እጅ የሚገባውን ማሳየት አለበት። ደረሰኙ ላይ "Exchange Rate"፣ "Transfer Fees" እና "Total to Recipient" የሚሉ መስመሮች አሉ። እህቴን ሌላውን ሁሉ ትተሽ መጨረሻ ላይ ያለውን አንብቢልኝ እላታለሁ። ከከፈለች በኋላም ብሩ እኔ ጋ ካልገባ በ30 ደቂቃ ውስጥ መሰረዝ ትችላለች። ሕጉ ግን አፑ ከመሃል ተመን ምን ያህል ዝቅ እንዳለ እንዲናገር አያስገድደውም። ያንን የምናገኘው ራሳችን ነን።

በዚያው ሕግ ላይ እኛን የሚነካ ነገር አለ። ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት በፈረንጆቹ 2012 ባወጣው የአገሮች ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያ ከአሩባ፣ ከብራዚል፣ ከቻይናና ከሊቢያ ጋር ገብታለች። ወደነዚህ አገሮች ሲላክ ድርጅቱ በቁርጥ ቁጥር ፈንታ ግምት ማሳየት ይፈቀድለታል። እና ከቁጥሩ አጠገብ "Estimated" የሚል ቃል ካለ፣ ያ ብር እስኪገባ ድረስ ሊለወጥ ይችላል። በሁለቱ አፖቻችን ላይ እስካሁን አላየነውም። ብናየው ግን በዚያ ቁጥር ለማንም ቃል አልገባም።

የሐጂን 1,800 ብር በሳምንቱ ከፈልኩ። አሁን ደብተር አለኝ። ሦስት መስመር ነው ያለው፤ ከኪሷ የወጣው ዶላር፣ እጄ የገባው ብር፣ የዕለቱ የባንክ መግዣ። ባለፈው ወር ክፍያ የሌለው አፕ ተመኑን ወደ 151 ከፍ አደረገ፤ ሌላኛው እዚያው 152.50 ላይ ነው። 610ን ለ1.50 ሳካፍለው መገናኛው ከ244 ወደ 407 ዶላር ገደማ ሸሸ። እህቴ ለግድግዳው ልስን 300 ዶላር ልትልክ ነበርና በፊት በለመድነው በሚያስከፍለው ብትልከው 45,140 ብር ይደርሰኝ ነበር። ክፍያ በሌለው ላከችው፤ 45,300 ገባ።