ሦስት ጊዜ 10.8

የቤተ ሙከራ ረዳት ሆኜ ስሠራ ያደረግኩት ነገር ነው፤ ትዝ ባለኝ ቁጥር ያሳፍረኛል።

ሥራው ቀላል ነው። ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ውሃው እስኪጠግብ ይማሰላል፣ ተከድኖ ያድራል፣ ይጣራል። ከጠራው 25 ሚሊ ሊትር በፒፔት ተወስዶ ፊኖልፍታሊን ጠብ ይደረግበትና በ0.05 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ሮዙ እስኪጠፋ ቲትሬት ይደረጋል።

አንዷ ተማሪ 21.6 ሚሊ ሊትር አሲድ ፈጀሁ ብላ መጣች። ይሄ ሲሰላ ሃይድሮክሳይዱ 0.0432 ሞላር፣ ካልሲየሙ የሱ ግማሽ 0.0216፣ ካልሲየሙ በሃይድሮክሳይዱ ስኩዌር ተባዝቶ የሚገኘው የመሟሟት ቋሚ፣ Ksp፣ ደግሞ 4.0 × 10⁻⁵ ይሆናል። መመሪያው ላይ የሚጠበቀው 5 × 10⁻⁶ ነው የሚለው። ስምንት እጥፍ!

"ዱቄቱ በማጣሪያው አልፎብሻል" አልኳት። ፍላስኩን ቀና ብዬ እንኳ አላየሁም። ምክንያቱ የሌለ አይደለም፤ ያለፈውን ደቃቅ ዱቄት አሲዱ እየበላ ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል። እንደገና አጣርታ መጣች። 21.5።

"መምህር፣ ብርሃን ላይ ያዙትና ይዩት፣ ምንም ብዥታ የለውም።"

"እንግዲያው አሲድሽን ፈትሺ።"

"አሲዱን ያዘጋጁት እርስዎ ነዎት።"

ዝም አልኩ። ከዚያ ለዝምታዬ ማካካሻ ይመስል ወደ ጎረቤቷ ልጅ ዞሬ ቁጥሩን ጮክ ብዬ አነበብኩ። 10.8፣ 10.8፣ 10.8። ሲሰላ ልክ የመመሪያው መልስ። "ጥንቃቄ ማለት ይሄ ነው" ብዬ አጨበጨብኩለት፣ ክፍሉም አጨበጨበ።

ማታ ብቻዬን ሠራሁት። 21.6።

ከመመሪያው መልስ ተነስቼ ወደ ኋላ አሰላሁ። የ5 × 10⁻⁶ እጥፍ፣ የሱ ኩብ ሩት 0.0215፣ በ25 ተባዝቶ ለ0.05 ሲካፈል 10.8። ልጁ አሲዱ የሚንጠባጠብበትን ቢዩሬት መክፈቱንም እንጃ። የሚያናድደው ደግሞ እዚያው መመሪያ የኋላ ገጽ ላይ ያለው ሰንጠረዥ ነው፤ በ25 ዲግሪ አንድ ሊትር ውሃ 1.6 ግራም ያሟሟል ይላል። ለሞላር ክብደቱ ለ74 አካፍሉት። 0.0216፣ የሷው ቁጥር!

የመጽሐፉ Ksp የሚሠራው በአክቲቪቲ፣ ማለትም አዮኖቹ በተግባር በሚያሳዩት ውጤታማ መጠን ነው። በዚህ ሙሙት ውስጥ አዮኖቹ ተጨናንቀው እርስ በርስ ይጓተታሉ፣ ከካልሲየሙም ከፊሉ ከሃይድሮክሳይድ ጋር ተጣብቆ CaOH⁺ ሆኖ ነው የሚገኘው። አሲዱ ይህን አይለይም፣ ያገኘውን ሃይድሮክሳይድ ሁሉ ይቆጥራል። ያንን ቁጥር በቀጥታ Ksp ውስጥ ስታስገባው መልሱ ይገዝፋል። የልጅቷ እጅ አልተሳሳተም፤ የተሳሳተው ማወዳደሪያችን ነው።

የሷን ማርክ አስተካከልኩ። መመሪያው እንዲታረም ለኃላፊው ነገርኩት፣ "ተማሪ ያደናግራል" አለኝ። ከሥራው እስክለቅ ድረስ አልታረመም።

የልጁን ማርክ ግን አልነካሁትም። ብነካው ጭብጨባውን ማስረዳት ሊኖርብኝ ነው።