የእህል ሚዛን ላይ የወጣሁባቸው ቅዳሜዎች

ፍኖተ ሰላም ባለችው የእህል መጋዘኔ ኩንታል የምንመዝንበት ሚዛን አለ። ሲጋራ ያቆምኩት መስከረም ላይ ነው። የዚያኑ ቅዳሜ ጫማዬን አውልቄ ወጣሁበት፤ 68 ኪሎ። በወሩ 69 ሆንኩ፣ ኅዳር አጋማሽ ላይ 71። ጆንያ የሚሸከምልኝ ልጅ «ጋሼ፣ ለኩንታል ስንት ቀረዎት?» እያለ ይስቅብኝ ጀመር።

ደነገጥኩና የነቢያትን ጾም ሰበብ አድርጌ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ መብላት ያዝኩ። በአምስተኛው ቀን ከመጋዘኑ ጀርባ ቆሜ አንድ ሲጋራ አጨስኩ። የክብደቱ ነገር ካሳፈረኝ ይልቅ ይህ አሳፈረኝ።

ጤና ጣቢያ ያገኘኋት ነርስ ነገሩን አስረዳችኝ። ኒኮቲን ሰውነት ቁጭ ባለበት የሚያቃጥለውን ጉልበት ይጨምራል፣ ረሃብንም ያፍናል። በቀን አንድ ፓኮ ያጨስ የነበረ እንደ እኔ ያለ ሰው ሲያቆም፣ ምንም ሳይጨምር ቢበላ እንኳ በቀን ወደ 200 ካሎሪ ገደማ ሳይቃጠል ይቀርበታል። በዚያ ላይ ምላስና አፍንጫ ይነቃሉ፤ እጅም ሥራ ይፈታል። አብዛኛው ሰው በዓመት ውስጥ በአማካይ ከ4 እስከ 5 ኪሎ ይጨምራል፣ የሚበዛውም በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ነው። ከ10 ኪሎ በላይ የሚጨምሩ አሉ፤ የሚቀንሱም አይጠፉም። «ሆድዎን አያስርቡ፤ ረሃብና የሲጋራ አምሮት አንዱ ከሌላው አይለይም» አለችኝ።

እኔ ግን ከድሮው አብልጬ አልበላም ብዬ ተከራከርኳት። «ሻይስ?» አለችኝ።

ቤቴ ሄጄ ቆጠርኩ። ድሮ በቀን ሁለት ብርጭቆ ነበር የምጠጣው። አሁን ሲጋራ ባማረኝ ቁጥር ሻይ አዝዣለሁ፤ ስድስት ብርጭቆ፣ በእያንዳንዱ ሦስት ማንኪያ ስኳር። አራት ብርጭቆ ጨምሬአለሁ ማለት ነው፤ 12 ማንኪያ፣ ወደ 50 ግራም፣ 200 ካሎሪ ገደማ። ሳይቃጠል በቀረው ላይ ይህን ያህል ደርቤበት ኖሯል።

ከዚያ በኋላ ቁርስ፣ ምሳና እራቴን አልዘለልኩም። ሻዩ በዝቶ ይቀጥል፣ ስኳሩ ግን ከሁለት ብርጭቆ አያልፍ አልኩ፤ የመጀመሪያው ሳምንት መራራ ነበር። አምሮቱ ሲመጣ ደግሞ የገበያውን አጥር አንድ ጊዜ እዞራለሁ። ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ዞሬ ስመለስ ብዙውን ጊዜ አልፎ አገኘዋለሁ። ቆሎ በኪስ መያዝንም ሞክሬ ነበር፤ ሳላውቀው ኪሴ ባዶ ይሆንብኛል፣ ስለዚህ ተውኩት።

ጥር ላይ 73 ደርሼ ቆምኩ። በዓመቱ መስከረም 71 ተኩል ነበርኩ። ወደ 68 አልተመለስኩም። ልብስ ሰፊው ሱሪዬን ሁለት ጣት አስፍቶልኛል፣ እንዲያጠበው አልወሰድኩትም።