አቶ ያልኳት ደንበኛ

የምሠራው አዲስ አበባ ውስጥ ባለ ማተሚያ ቤት ነው፤ ዋጋ አቀርባለሁ፣ ከደንበኛ ጋር እጻጻፋለሁ። አንድ ዓርብ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ፣ ሰርቪሱ ሞተር አስነስቶ እየጠበቀኝ፣ ለአንድ የውጭ ድርጅት ቢሮ የ1,200 ማስታወሻ ደብተር ዋጋ ላክሁ። ፕሮፎርማውን አባሪ አድርጌ፣ ፈረንጁ የፋይናንስ ኃላፊያቸውም እንዲያየው ሲሲ ውስጥ ከትቼ። ኢሜይሉን እንደ አዲስ አልጻፍኩትም። ለሌላ ደንበኛ የላክሁትን አሮጌ ኢሜይል ከፍቼ ስሙን፣ ቀኑንና ብሩን ብቻ ቀየርኩ። ሦስቱንም አበላሸሁ።

ሰኞ ጠዋት የግዢ ኃላፊዋ ደወለች። «ወንድሜ፣ እኔ ከመቼ ወዲህ ነው አቶ የሆንኩት?» ስሟ ለወንድም ለሴትም የሚወጣ ነው፤ እንደ ደስታ ወይም እንደ ሙሉ ያለ። በአካል ስላላየኋት ገምቼ ነበር። ከዚያ ግን ድምፅዋ ተቀየረ። «ሥልጠናችን ኖቬምበር ላይ ነው። በዲሴምበር 2 የሚደርስ ደብተር ምን ይሠራልናል? አለቃዬ ሌላ ማተሚያ ቤት ፈልጊ ብሎኛል።»

እኔ ዲሴምበር የሚል ቃል አልጻፍኩም። የጻፍኩት «ርክክብ፦ 12/02» ነው፤ ጥቅምት 12 ማለቴ። እሷ ብቻዋን ብታነበው ይገባት ነበር። ፈረንጁ ግን አሜሪካዊ ነው፤ ወሩን አስቀድሞ ስለሚያነብ ዲሴምበር 2 ሆነበት። እንግሊዛዊ ቢሆን ፌብሩዋሪ 12 ይለው ነበር። እኔ ያሰብኩት ቀን ደግሞ በእነሱ ኦክቶበር 22 ነው። ዓመተ ምህረቱን ብጽፈው እንኳ 2018 የሚለውን አይቶ የሆነ ነገር ይጠረጥር ነበር፤ ለማሳጠር ብዬ እሱንም ቆርጬዋለሁ።

ቀኑን አስረድቼ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ የግዢ ትዕዛዛቸው መጣ፤ 253,500 ብር ይላል። የእኛ ፕሮፎርማ 255,300 ነው። ተናድጄ ወደ ሒሳብ ክፍል ሄድኩ፤ እነሱ የተሳሳቱ መስሎኝ። እትዬ (ሁላችንም እንደዚያ ነው የምንጠራት) ካልኩሌተሯን ሳብ አድርጋ ቀነሰች፤ 1,800። ለ9 አካፈለች፤ 200፣ ያለ ቀሪ። «እነሱ አይደሉም፤ አንተ ነህ አሃዝ ያገላበጥከው» አለችኝ። ኢሜይሉን ከፈትኩ። አባሪው ልክ ነው፤ በእጄ የጻፍኩት ዓረፍተ ነገር ላይ ግን 5 እና 3 ቦታ ተለዋውጠዋል።

ጎን ለጎን ያሉ ሁለት አሃዞች ቦታ ሲለዋወጡ ልዩነቱ ሁልጊዜ ለ9 ይካፈላል። የጥንት ሒሳብ ሠራተኞች ብልሃት ነው። ሁሉን አይዝም፤ 225,300 ብዬ ጽፌ ቢሆን ልዩነቱ 30,000 ነው፣ ለ9 አይካፈልም። ለ9 ስለተካፈለም የግድ ተገላብጧል ማለት አይደለም፤ የት መፈለግ እንዳለብህ ግን ይጠቁምሃል።

ባለቤቱ «1,800 ብር ምን አላት፣ ቅናሽ አድርጉላቸው» አለ። እትዬ አሁንም ካልኩሌተሯን አነሳች። ትክክለኛው 255,300 ለ1.15 ሲካፈል፣ ማለትም 15 በመቶው ቫት ሲወጣለት፣ 222,000 ይመጣል፤ ይህም ለ1,200 ሲካፈል 185 ብር፣ የአንዱ ደብተር ዋጋ። የእኔን 253,500 ስታካፍለው ግን 220,434.78 ሆነ፤ የአንዱ ደብተር ዋጋ 183 ብር ከ69 ሳንቲም ከምናምን። «ይህን ደረሰኝ ላይ እንዴት አድርጌ ልቁረጠው?» አለች። ስለዚህ ይቅርታ ጠይቀን ትዕዛዙ እንደ አዲስ እንዲወጣ ለመንን። በዚያ ቢሮ ትዕዛዝ የሚፈርሙት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ አራት ቀን ፈጀብን።

ከዚያ ወዲህ ብር ያለበትን ኢሜይል ከመላኬ በፊት ጠቅላላውን ለ1.15፣ ከዚያም ለብዛቱ አካፍላለሁ፤ የነጠላ ዋጋው ካልመጣልኝ አልልክም። የማካፍለው ኢሜይሉ ላይ ያለውን ቁጥር ነው፣ ኤክሴሉን አይደለም፤ ኤክሴሉማ ያኔም ልክ ነበር። ስምና ቀን ላይ ደግሞ ዓይኔን አላምነውም። የጻፍኩትን ራሴ ሳነበው የማየው ያሰብኩትን ነው። ፕሮፎርማውን ለአጠገቤ ልጅ እሰጠውና እሱ ከወረቀቱ አሃዝ በአሃዝ ጮክ ብሎ ያነብልኛል፣ እኔ ስክሪኑን በጣቴ እከተላለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ቢሮው ይስቅብን ነበር። ቀን ስጽፍም የወሩን ስም በፊደል ነው፤ ከጎኑ የፈረንጁን ቀን።

የተስተካከለውን ኢሜይል ለግዢ ኃላፊዋ የላክሁት እንዲያ አስነብቤ ነው። በአንድ መስመር መለሰችልኝ፦ «ደርሶኛል። ወደ ወይዘሮነቴ ስለመለስከኝ አመሰግናለሁ።»