እንግሊዝኛህ ሳይሆን አማርኛህ ነው የሚያወጣህ፦ ፈረንሳይኛና «እንዲመጣ»

የአክስቴ ልጅ ሰሞኑን ከአዲስ አበባ ጻፈልኝ። ወደ ፈረንሳይ ሊመጣ እየተዘጋጀ ነው። «እንግሊዝኛ ስለምችል ፈረንሳይኛው ብዙም አይከብደኝም አይደል?» ይላል። ይህን ጥያቄ ያልጠየቀኝ ሰው የለም። አንድ ጊዜ ረጋ ብዬ ልመልስ ብዬ ነው ይህን የምጽፈው።

ለቃላቱ እንግሊዝኛው ይረዳሃል። ሆቴሉም ሬስቶራንቱም ያው ነው። ግን የኛን ሰው እዚህ አገር ከመካከለኛ ደረጃ አላላቅቅ የሚለው ነገር ሌላ ነው። ሱብዦንክቲፍ ይሉታል። ቅኔ ቤት የቆየ ሰው ቢሰማው ዘንድ አንቀጽን ያስታውሰዋል። የሆነን ወይም የሚሆንን ነገር ስትናገር ግሱ በአንድ መልክ ይመጣል፤ ያ ኧንዲካቲፍ ነው። እንዲሆን የምትፈልገውን፣ የግድ መሆን ያለበትን፣ የምትጠራጠረውን ስትናገር ግሱ መልኩን ይለውጣል። እንግሊዝኛ ይህን ልዩነት አብዛኛውን ጥሎታል። አማርኛ ግን አልጣለውም።

እስቲ እነዚህን ሁለቱን ጮክ ብለህ በላቸው። «እንደሚመጣ አውቃለሁ።» «እንዲመጣ እፈልጋለሁ።» ማንም ሳያስተምርህ «እንዲመጣ አውቃለሁ» አትልም። ፈረንሳይኛውም እዚያው ቦታ ላይ ነው የሚለየው። አውቃለሁ ሲሆን «ዠ ሴ ኪል ቪያን»፣ እፈልጋለሁ ሲሆን «ዠ ቨ ኪል ቪየን»። ቪያን በአፍንጫ የሚባል ኧንዲካቲፍ ነው። ቪየን መጨረሻው ላይ «ን» ጥርት ብላ የምትሰማበት ሱብዦንክቲፍ ነው። ግዴታም ከዚሁ ወገን ነው። የምሠራው አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ አፌ ላይ ያለችው ዓረፍተ ነገር «ኢል ፎ ኬል ብዋቭ» ናት። ውኃ እንድትጠጣ ያስፈልጋል ማለት ነው። ትጠጣለች ለማለት ግን «ኤል ብዋ» ይበቃል።

መጀመሪያ የኮራሁት ቋንቋ ትምህርት ቤት ነበር። አስተማሪዋ «ተስፋ አደርጋለሁ» በሚለው ግስ ዓረፍተ ነገር ሥሩ አለችን። ስፔናዊቷ የክፍል ጓደኛዬ ከሁላችን የተሻለች ነበረች፤ ግን በሱብዦንክቲፍ ሠራችውና ተሳሳተች። በሷ ቋንቋ ተስፋ ሱብዦንክቲፍ ይፈልጋል። በፈረንሳይኛ ግን «ዤስፔር ኪል ቪያንድራ» ነው፣ ኧንዲካቲፍ። እኔና ከጎንደር የመጣችው ልጅ ሳናመነታ በትክክል ጻፍነው። አማርኛው «እንደሚመጣ ተስፋ አደርጋለሁ» ይላላ! ለፈረንሳዮች ተስፋ ያደረገ ሰው ነገሩ ይሆናል ብሎ የቆጠረ ሰው ነው። «ይመስለኛል»ም እንደዚያው ነው።

እንግዲህ እስከዚህ ድረስ አማርኛው ይዞህ ይሄዳል። ከዚህ በኋላ ጥሎህ የሚሄድባቸው ሁለት ቦታዎች አሉ። ሰው ሁሉ የሚሰናከለውም እዚያ ነው።

አንደኛው ስሜት ነው። የአንዲት አሮጊት ልጅ ሊጠይቃቸው መጣ እንበል። «እናትህ ስለተሻላቸው ደስ ብሎኛል» ልትለው ትፈልጋለህ። በአማርኛ ተሽሏቸዋል፣ አለቀ። ምን ጥርጥር አለው? ስለዚህ ሐበሻ ሁሉ «ዠ ስዊ ኮንታንት ከ ቮትር ሜር ቫ ሚየ» ይላል። ይግባባል፣ ግን ስህተት ነው። «አይ ሚየ» ነው የሚባለው፣ በሱብዦንክቲፍ። የኛ ሰው እዚህ ላይ ይናደዳል። «የሆነን ነገር እንዴት እንዳልሆነ አድርጌ እናገራለሁ?» ይላል። ልክ ነው፣ የእናቱ መሻል ሐቅ ነው። ግን በዚያ ዓረፍተ ነገር ውስጥ የምትነግረው መሻላቸውን አይደለም፤ እሱንማ ልጃቸው ያውቀዋል። የምትነግረው ደስታህን ነው። ፈረንሳይኛ ወሬውን ስትነግር ኧንዲካቲፍ ይሰጥሃል፤ ስለ ወሬው የተሰማህን ስትናገር ሱብዦንክቲፍ ይጠይቅሃል። ማዘን፣ መፍራት፣ መገረም፣ ማፈር ሁሉም በዚሁ ይገዛሉ።

አንድ ማምለጫ ልንገርህ። «ስለ» የሚለውን እንዳለ አዙረው። «ፓርስ ከ» ካልክ፣ ማለትም ደስ ያለኝ ስለተሻላቸው ነው ካልክ፣ ግሱ ወደ ኧንዲካቲፍ ይመለሳል፤ «ፓርስ ኬል ቫ ሚየ» ትክክል ነው። ምክንያት ሐቅ ሆኖ ነው የሚነገረው። ግሱ በአፍህ ጫፍ ላይ ከጠፋብህ በዚህ በኩል እለፍ። ደግሞ የሚደሰተውና የሚሠራው ያው አንድ ሰው ከሆነ ሁለቱንም ትተህ ግሱን «መምጣት» እንደምንለው በስም መልኩ ትናገራለህ፤ አንተ በመምጣትህ አንተው ደስ ካለህ «ኮንታን ደ ቨኒር» ይበቃል። እኛም «መሄድ እፈልጋለሁ» ስንል የምናደርገው ይህንኑ ነው።

ሁለተኛው ጥርጣሬ ነው። አማርኛ «አልመሰለኝም» ብሎ ሲክድም ቀጥሎ የሚመጣውን ግስ አይነካውም። መድኃኒቷን እንደወሰደች ይመስለኛል፤ መድኃኒቷን የወሰደች አይመስለኝም። ሁለቱም ላይ «ወሰደች» ያው ናት። ፈረንሳይኛው ግን ይለያል። ይመስለኛል ከሆነ «ዠ ክሯ ኬል አ ፕሪ»፤ አይመስለኝም ከሆነ «ዠ ነ ክሯ ፓ ኬል ኤ ፕሪ»። ልዩነቱ አንዲት አናባቢ ናት፣ «አ» እና «ኤ»። በሥራዬ ላይ ይህቺን የምትሰማ ጆሮ ያስፈልጋል። ምክንያቱም ፈረንሳይ በፍጥነት ሲናገር «ነ» የምትለውን የአሉታ ምልክት ይውጣታል፣ «ፓ»ዋም በጫጫታ ትጠፋለች። ተረኛዋ «ኬል ኤ ፕሪ» ካለችኝ አሮጊቷ መድኃኒቱን አልወሰዱም ብላ እንደምታስብ ከዚያች «ኤ» አውቃለሁ።

በዚሁ መንደር አንድ ወጥመድ አለ፤ ደግነቱ የኛ ቋንቋ መፍቻው አለው። «ዠ ዱት ኪል ቪየን» መምጣቱን እጠራጠራለሁ ነው፣ ሱብዦንክቲፍ። «ዠ መ ዱት ኪል ቪያንድራ» ደግሞ እንደሚመጣ ጠርጥሬያለሁ ነው፣ ኧንዲካቲፍ። ትንሿ «መ» ስትገባ ትርጉሙ ይገለበጣል። የሌላ አገር ሰዎች ይህን ለመለየት ሲታመሱ አይቻለሁ። ለኛ ግን ጠረጠረና ተጠራጠረ ናቸው፣ ሌላ ምንም አይደለም። «ይቻላል»ና «ሳይሆን አይቀርም»ም እንደዚያው ይለያያሉ። ሊመጣ ይችል ይሆናል ካልክ፣ «ፖሲብል» ብለህ ቪየን። ሳይመጣ አይቀርም ካልክ፣ «ፕሮባብል» ብለህ ቪያንድራ። ወደ መሆን ካዘነበለ ኧንዲካቲፍ ይወስዳል።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልግባ። በሥራ ቦታችን ተረኛ ለተረኛ የሚያስተላልፈው ማስታወሻ አለ። አንድ ማታ «ማዳም ከበሉ በኋላ» ብዬ ጻፍኩ፣ «አፕሬ ከ ማዳም አ ማንዤ»። አለቃዬ የማታ ተረኞቹ ሁሉ ባሉበት ጮክ ብላ አነበበችው። «አ» የሚለውን በቀይ እስክሪብቶ ሰረዘችና «ኤ» ብላ ጻፈችበት። «እዚህ በትክክለኛ ፈረንሳይኛ ነው የምንጽፈው» አለች። ማንም ቀና ብሎ አላየኝም። ከሁሉ ያቃጠለኝ ዝምታቸው ነው። አንዷ እንኳ «ኧረ ተዪ» አላለችም።

ትክክል የነበርኩት ግን እኔ ነኝ። በነጋታው ጡረታ የወጡ አስተማሪ የሆኑ አንዲት እመቤት ቁርስ እያቀረብኩላቸው ጠየቅኳቸው። ሳይጨርሱ የያዙትን ማንኪያ አስቀመጡና «"አፕሬ ከ" ኧንዲካቲፍ ነው ልጄ፤ ሌላ በዪ ካሉሽ እኔ ጋ ላኪያቸው» አሉኝ። የፈረንሳይ አካዳሚም የሚለው ይህንኑ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ሳትበላ በፊት ስንል ገና አልበላችም፤ «አቫን ከ» ሱብዦንክቲፍ ይፈልጋል። ከበላች በኋላ ስንል ግን በልታለች፣ ሐቅ ነው። ፈረንሳዮቹ ሁለቱን ወንድማማች አድርገው ስለሚያዩ «በፊት»ን የሚገዛውን ሕግ «በኋላ» ላይም ይጭኑታል። አብዛኛው ሰው በንግግር እንዲህ ይላል፣ ሬዲዮ ላይም ትሰማዋለህ። ስለዚህ ሲናገሩ አታርማቸው። ስትጽፍና ስትፈተን ግን በኧንዲካቲፍ ጻፍ። አለቃዬ ሰዋስው መጽሐፉን ሳሳያት «ሁሉም እንዲህ ነው የሚለው» አለችና ሄደች። ይቅርታ አልጠየቀችም። ፈረንሳዮች ሲያርሙ ሰው አይመርጡም፣ እርስ በርሳቸውም ይተራረማሉ፤ ይህን እኔም አከብርላቸዋለሁ። ግን ሰው ፊት ማረም ከጀመርሽ ሰው ፊት መመለስም ያባት ነው።

እኛም ሌላ ችግር አለብን። «ተግባባን እኮ፣ ምን ያካብዳሉ» እንላለን። ለዳቦ መግዣ ይሠራል። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ግን ሕጉ ጠብቋል። ለአሥር ዓመቱ የመኖሪያ ካርድ የቋንቋ ደረጃው ቤ አን የሚባለው መካከለኛው ደረጃ፣ ለዜግነት ደግሞ ከሱ ቀጥሎ ያለው ቤ ደ ሆኗል። ሱብዦንክቲፍ በአብዛኛው የሚጀመረው ቤ አን ላይ ነው። አስተያየትህንና ስሜትህን ጻፍ የሚል ጥያቄ ሲመጣ ያለሱ አትወጣም።

ስለዚህ የአክስቴ ልጅ፣ እዚያው አገር ቤት እያለህ ጊዜ ካለህ እንዲህ አድርግ። የግስ ሰንጠረዥ አትሸምድድ። የብዙ ቁጥሩን፣ «እነሱ» የሚለውን ድምፅ ያዝና ለነጠላው ስጠው፤ ሱብዦንክቲፉ እሱ ነው። እነሱ ይመጣሉ «ኢል ቪየን» ነው፣ እንዲመጣ ደግሞ «ኪል ቪየን»። ይጠጣሉ «ብዋቭ»፣ እንድትጠጣ «ብዋቭ»። ይወስዳሉ «ፕረን»፣ እንዲወስድ «ፕረን»። መብላትና መናገርን የመሰሉት፣ በ«ኤ» የሚያልቁት ብዙዎቹ ግሶች፣ ነጠላው ላይ ለጆሮ ጭራሽ አይለወጡም፤ ስለነሱ አትጨነቅ። በዚህ መንገድ የማይገኙት እንደ መሆን፣ መኖር፣ መሄድ፣ ማድረግ፣ መቻልና ማወቅ ያሉት ጥቂቶች ናቸው። «ስዋ፣ ኤ፣ አይ፣ ፋስ፣ ፕዊስ፣ ሳሽ»። እነዚህን ብቻቸውን አትያዛቸው፤ ሁልጊዜ «ኢል ፎ ክ» ፊታቸው ላይ አድርገህ በላቸው። «እኛ» እና «እናንተ» ላይ የምትጨመር አንዲት «ኢ» አለች፤ እሷን ስትመጣ ቁጭ ብለን እናያታለን።