አምስት መቶ ብር የጎደለበት ምሽት

ሒሳብ የምሠራለት አንድ የአዲስ አበባ ሚኒ ማርኬት አዲስ ሠራተኛ የቀጠረው ነባሩ ሻጭ ወደ ሁለተኛው ሱቅ ሊዛወር ሲል ነው። ልጅቷ ፈጣንና ጠንቃቃ ናት። ባለቤቱ ያስተማሯት ግን በቃል ነበር፦ «ጠዋት ክፈቺ፣ ገንዘቡን እዪ፣ ማቀዝቀዣዎቹን አረጋግጪ፤ ማታ ሒሳብ ዘግተሽ ቆልፊ።»

ብቻዋን በዘጋችበት በመጀመሪያው ምሽት ሒሳቡ አልገጠመም። የካሽ ሬጂስተሩ ዜድ ሪፖርት የቀኑን ሽያጭ 18,460 ብር ይላል። ከዚያ ውስጥ 6,120 በቴሌብር፣ 2,300 በባንክ ገብቷል። ለዳቦ አከፋፋዩ ደግሞ 900 ብር ከመሳቢያው ተከፍሏል። በጥሬ ገንዘብ መቅረት ያለበት 9,140 ነው፤ የጠዋቱ መነሻ ዝርዝር 1,500 ሲጨመርበት 10,640 ይሆናል። መሳቢያው ውስጥ የተገኘው 10,140 ነበር።

ባለቤቱ ፊታቸው ተለዋወጠ። እኔ ግን አንድ ጥያቄ ብቻ ነበረኝ፦ ጠዋት መሳቢያው ውስጥ 1,500 መኖሩን ማን ቆጠረ?

«ጋሼ፣ እዪ ነው የተባልኩት፤ አየሁት፤ ገንዘብ ነበረበት። ቁጠሪ ያለኝ የለም» አለች።

ወደ ኋላ ስንሄድ ነገሩ ተገኘ። ባለቤቱ ባለፈው ምሽት ሲወጡ ለቤንዚን 500 ብር ከመሳቢያው ወስደዋል፤ ለማንም አልተናገሩም። ነባሩ ሻጭ ቢሆን ኖሮ ጠዋት ሳይጠየቅ ቆጥሮ «ጋሼ፣ አምስት መቶ ጎድሏል» ይላቸው ነበር። አሠራሩ የተቀመጠው በእርሱ ራስ ውስጥ ስለነበር ከእርሱ ጋር አብሮ ተዛወረ።

አሠራሩን እንድጽፍ የታዘዝኩት በማግስቱ ነው። የጠዋቱን ክፍል የጀመርኩት በቆጠራ ነው፦ ከመጀመሪያው ሽያጭ በፊት መሳቢያውን ቁጠሪ፤ ድምሩን በደብተሩ ላይ ጽፈሽ ፈርሚ፤ 1,500 ካልሆነ ሽያጭ ሳትጀምሪ ደውዪ። ሌላም ዐረፍተ ነገር ጨመርኩ፦ ከመሳቢያው ገንዘብ የሚያወጣ ሁሉ፣ ባለቤቱም ቢሆን፣ መጠኑንና ምክንያቱን ጽፎ ይፈርማል። «በገዛ ሱቄ?» ብለው ትንሽ አጉረመረሙ፤ ሆኖም አልሰረዙትም።

የቀረውን ለመጻፍ ነባሩን ሻጭ አንድ ጠዋት መልሰን አስመጣነውና ሲከፍት ተቀምጬ እጁን ተመለከትኩ። ምን እንደሚሠራ ብጠይቀው የሚነግረኝ ከሚሠራው ግማሹን ብቻ ነበር። ለምሳሌ የበረዶ ማቀዝቀዣውን ከፍቶ አንዲት ብርጭቆ አየና ዘጋ። ብርጭቆዋ ውስጥ ውኃ ረግቶ፣ በላዩ ላይ የአንድ ብር ሳንቲም ተቀምጧል። ሌሊት መብራት ለረዥም ጊዜ ጠፍቶ በረዶው ከቀለጠ ሳንቲሙ ይሰምጣል፤ መብራቱ ተመልሶ ውኃው ዳግም ቢረጋም ሳንቲሙ ከታች ይቀራል። ቴርሞሜትሩ ጠዋት 18 ከዜሮ በታች እያሳየ እንኳ ዶሮው ሌሊቱን ቀልጦ ሊሆን እንደሚችል የሚያሳብቀው ይህ ሳንቲም ነው። ሰውየው ለማንም ተናግሮት አያውቅም፤ የሚነገር ነገር አልመሰለውም።

ስለዚህ «ማቀዝቀዣዎቹን አረጋግጪ» የሚለው ወጥቶ በምትኩ ይህ ገባ፦ የወተቱን ማቀዝቀዣ ቴርሞሜትር አንብበሽ ቁጥሩን ጻፊ፤ ከ4 ዲግሪ በላይ ከሆነ ወተት ሳትሸጪ ደውዪ። ሳንቲሙ ከላይ ነው ወይስ ሰምጧል? ከሰመጠ ዶሮውን አትሽጪ፤ ደውዪ። «አረጋግጪ» ለሚል ትእዛዝ ሁሉም ሰው ምልክት ያደርጋል። ቁጥር ለመጻፍ ግን የግድ ማየት ያስፈልጋል።

ወረቀቱ ሲያልቅ ለልጅቷ ሰጥቻት ማታ አንድ ጥግ ቆምኩ። ብትጠይቀኝም እንደማልመልስ አስቀድሜ ነግሬያታለሁ፤ ጥያቄ ያስነሣ መስመር ሁሉ መታረም ያለበት መስመር ነው። ቆጠራው ጥሩ ሄደ። ቴሌብሩን ደንበኞች ካሳዩት ስክሪን ሳይሆን በሱቁ ስልክ ላይ ከገባው መልእክት ደመረች፤ እንዲህ ተብሎ ተጽፎ ነበርና። ዜድ ሪፖርቱን አወጣች። በዚህ መካከል አንዲት ጎረቤት ዳቦ ፈልጋ ገባች። ልጅቷ ወደ እኔ ዞር አለች፤ ዝም አልኩ። ሸጠችላት፣ ደረሰኝም ቆረጠች።

ዜድ ሪፖርት የቀኑን ሽያጭ ዘግቶ ቆጣሪውን ወደ ዜሮ ይመልሳል። ከእርሱ በኋላ የተቆረጠ ደረሰኝ በሚቀጥለው ዜድ ውስጥ ይደመራል፤ ብሩ ግን በዛሬው መሳቢያ ውስጥ ነው። ዛሬ ትርፍ፣ ነገ ጉድለት ሆኖ ይታያል። ድምሩን ብቻ ማየት የፈለገ ሰው ቆጣሪውን የማይነካውን ኤክስ ሪፖርት ማውጣት ይችላል፤ ዜድ ግን የመጨረሻው ደንበኛ ከወጣ በኋላ ብቻ መሆን አለበት።

በወረቀቱ ላይ ዜድ ሪፖርቱ ሦስተኛ፣ በሩ ደግሞ ስምንተኛ ነበር። በሩን ከቆጠራውም በፊት ወደ መጀመሪያ ከፍ አደረግኩት፦ በ3 ሰዓት የብረት በሩን እስከ ግማሽ አውርጂ፤ ውስጥ ያለውን ደንበኛ ሸኚ፤ ከዚያ በኋላ ዜድ አውጪ። በማግስቱ ምሽት ጎረቤትየዋ ደግማ መጥታ ከግማሹ በር ሥር ጎንበስ ብላ «ዘጋችሁ እንዴ?» አለች። ልጅቷም «አዎ፣ እትዬ፤ ዘግተናል» አለቻት።