የስላይድ ርእስ በግሥ ሲያልቅ፦ ከጎንደር የልምምድ ዙር የተጻፈ ማስታወሻ

የመመረቂያ ጽሑፍ ማቅረቢያም ይሁን የሩብ ዓመት ሪፖርት፣ በስላይድ አናት ላይ የሚቀመጡት ቃላት ሁሌም አንድ ዓይነት ናቸው፦ «መግቢያ»፣ «የመረጃ ትንተና»፣ «ያጋጠሙ ችግሮች»፣ «የመፍትሔ አቅጣጫ»። እነዚህ ስለ ምን እንደሚወራ ይነግራሉ እንጂ ምን እንደተገኘ አይነግሩም። ዘግይቶ የገባ፣ ስልኩን ሲያይ የቆየ፣ ወይም ፋይሉን ከስብሰባው በኋላ የከፈተ ሰው መደምደሚያውን ራሱ መፈለግ ይኖርበታል። የዚህ ዙር ልምምድ ይህን ለማረም ነበር፦ እያንዳንዱ ስላይድ የሚደመድመውን አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ርእሱ ላይ መጻፍ።

ልምምዱ የተሠራው በአንድ ጤና ጣቢያ የታካሚዎች ቆይታ ላይ ነው። ቁጥሮቹ ለልምምድ የተፈጠሩ ናቸው፤ የየትኛውም ጤና ጣቢያ አይደሉም። አንድ ታካሚ ከበር ገብቶ መድኃኒቱን ይዞ እስኪወጣ በአማካይ 150 ደቂቃ ይቆያል፦ ካርድ ክፍል 64፣ ልየታ 12፣ ሐኪም ጋ ለመግባት 31፣ ላብራቶሪ 28፣ መድኃኒት ቤት 15 ደቂቃ። የመጀመሪያው ርእስ «የታካሚዎች የመቆያ ጊዜ ትንተና» የሚል ነበር።

አማርኛ እዚህ ላይ ቀላል መፈተሻ ይሰጠናል። የርእሱን የመጨረሻ ቃል ብቻ ተመልከቱ። «ትንተና»፣ «ሁኔታ»፣ «ዳሰሳ»፣ «መጨመር»፣ «አስፈላጊነት» ከሆነ ርእሱ ገና ስያሜ ነው። በማሰሪያ አንቀጽ ካለቀ፣ ማለትም «ይወስዳል»፣ «ቀንሷል»፣ «ነው»፣ «ይሰጥ» ካለ፣ ቢያንስ ዓረፍተ ነገር ሆኗል። ሙሉ ፋይሉን በዚህ መንገድ ማጣራት ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይፈጃል።

ግሥ መኖሩ ግን ብቻውን አያድንም። በዙሩ በብዛት የታየው ሁለተኛ ረቂቅ «የታካሚዎች የመቆያ ጊዜ ረጅም መሆኑ ታይቷል» ይላል። ሰዋስዉ ሙሉ ነው፤ ይዘቱ ግን ባዶ። እንዲህ ያለውን ርእስ ለመያዝ የሚረዳው ጥያቄ «ይህን የሚክድ ሰው ይኖራል?» የሚል ነው። ቆይታው ረጅም መሆኑን ወረፋ ላይ የቆመ ሁሉ ያውቃል፤ የሚከራከር የለም። «ተስተውሏል»፣ «ተገኝቷል»፣ «ያመለክታል» የሚሉት ማሰሪያዎች ደግሞ የሪፖርት ቋንቋ ስለሆኑ ሳይታሰብ ይገባሉ። ቆርጣችሁ ጣሏቸውና የቀረውን አንብቡ፤ የቀረው ራሱ ካልቆመ ርእሱ ምንም አልተናገረም ማለት ነው።

ሦስተኛው ረቂቅ «ካርድ ክፍል ብቻውን ከ150 ደቂቃው ቆይታ 64ቱን ይወስዳል» ሆነ። እዚህ ላይ ሦስት ነገር ተሟልቷል፦ የትኛው ክፍል፣ ስንት፣ ከምን አንጻር። ሦስተኛው በብዛት ይረሳል። «ካርድ ክፍል 64 ደቂቃ ይወስዳል» ቢባል አድማጩ ብዙ ይሁን ትንሽ የሚለካበት የለውም።

ርእሱ ሲለወጥ ሥዕሉም አብሮ ይለወጣል። ብዙ ጊዜ የሚሳተውም ይኸው ነው፤ ርእሱ ይታረምና ከሥሩ ያለው ክብ ቻርት ባለበት ይቀራል። ከላይ ያለው ርእስ የሚፈልገው ከረጅሙ ወደ አጭሩ የተደረደሩ አምስት አግዳሚ ዘንጎች ናቸው፤ የካርድ ክፍሉ ዘንግ በደማቅ ቀለም፣ የቀሩት አራቱ በግራጫ። ቁጥሩ «64» ርእሱ ላይ ካለ ዘንጉ ጫፍ ላይም «64» ተብሎ መጻፍ አለበት። ርእሱ 64 ብሎ ሠንጠረዡ 63.7 ካለ፣ የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ካርድ ክፍሉ ሳይሆን ስለ ልዩነቱ ይሆናል፤ ስብሰባውም እዚያው ይቀልጣል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ፈተና «ለምን» የሚለው ነው። ስላይዱ ላይ ያለው መረጃ ካርድ ክፍሉ ብዙ ጊዜ እንደሚወስድ ብቻ ሆኖ ሳለ ርእሱ «ካርድ ስለሚጠፋ ታካሚዎች ይጉላላሉ» ይላል። «ስለ» የምትለዋ ቅጥያ ገብታ ምክንያት አወጀች፤ ምክንያቱን የሚያሳይ መረጃ ግን ገጹ ላይ የለም። ርእስ ላይ «ስለ»፣ «በመሆኑ» ወይም «ምክንያት» ስታዩ ቻርቱ ውስጥ ምክንያቱን በጣታችሁ ልትነኩት መቻላችሁን አረጋግጡ። ካልቻላችሁ ሁለት መንገድ አለ፦ «ስለ»ን ማውጣት፣ ወይም ምክንያቱን የሚያሳይ ሌላ ስላይድ መጨመር። በዚህ ልምምድ ሁለተኛው ተመርጦ ርእሶቹ እንዲህ ተደረደሩ፦

ታካሚ ከበር እስከ መድኃኒት ቤት 150 ደቂቃ ይቆያል
ካርድ ክፍል ብቻውን ከ150 ደቂቃው ቆይታ 64ቱን ይወስዳል
አዲስ ካርድ በ22 ደቂቃ ሲወጣ ነባር ካርድ ፍለጋ 85 ይፈጃል
የካርድ ቁጥሩን ያልያዘ ነባር ታካሚ 96 ደቂቃ ይጠብቃል፤ የያዘ 30
ለእያንዳንዱ ታካሚ የካርድ ቁጥር ያለበት ወረቀት ይሰጥ

ቁጥሮቹ እርስ በርስ መግባባታቸውም በዚሁ ይፈተሻል። ከሦስት ታካሚ ሁለቱ ነባር ከሆኑ የ85 እና የ22 አማካይ 64 ይመጣል። ከስድስት ነባር ታካሚ አምስቱ ቁጥራቸውን ካልያዙ ደግሞ የ96 እና የ30 አማካይ 85 ይሆናል። ርእሶቹ ስያሜ ሆነው ሳሉ እንዲህ ያለ ስሌት የሚጠይቅ አይኖርም፤ ዓረፍተ ነገር ሲሆኑ ግን ሒሳብ የሚያውቅ ገምጋሚ እዚያው ወንበሩ ላይ ሆኖ ይሠራዋል። አራተኛው ርእስ «ቁጥሩን ባለመያዙ» አለማለቱም ሆን ተብሎ ነው። ቁጥራቸውን ይዘው የሚመጡት ምናልባት በየወሩ የሚመላለሱ፣ ካርዳቸውም በቅርብ መደርደሪያ የሚገኝ ሰዎች ይሆናሉ፤ እንደዚያ ከሆነ ፍጥነቱ የቁጥሩ ብቻ አይደለም።

የድርድሩን ጥንካሬ ለማየት በሁለት ተከታታይ ርእሶች መካከል አያያዥ ቃል አስገቡ። «ይኸውም»፣ «ነገር ግን»፣ «ምክንያቱም» ወይም «ስለዚህ» ከገባ ሐሳቡ ይሄዳል። የሚገባው «እንዲሁም» ብቻ ከሆነ፣ ዝርዝር ነው የያዛችሁት፤ አንዱ ስላይድ ቢወጣ ማንም አያጣውም። ለዚህ ሥራ በፓወርፖይንት View > Outline View የሚለውን ከፍቶ በቀኝ ጠቅታ Collapse All ማለት ይበቃል፤ ርእሶቹ ብቻ በተርታ ይነበባሉ። እዚያ ባዶ ሆኖ የሚታይ ስላይድ ካለ፣ ርእሱ የተጻፈው በርእስ ሣጥኑ ውስጥ ሳይሆን ለብቻ በገባ የጽሑፍ ሣጥን ነው። ወደ ትክክለኛው ሣጥን መልሱት።

አሁን ስለ መጠን። ሙሉ ዓረፍተ ነገር ከስያሜ ይረዝማል፤ ፓወርፖይንት በተለመደው ገጽታው ለርእስ የሚሰጠው 44 የፊደል መጠን ደግሞ ለአማርኛ ዓረፍተ ነገር አይበቃም፤ ሦስት መስመር ይሆናል። Slide Master ውስጥ ገብቶ የርእሱን መጠን ከ28 እስከ 32 ማድረግና ወደ ግራ ማስጠጋት ይሻላል። ከ12 ቃል ያልበለጠ ርእስ በዚህ መጠን በሁለት መስመር ይያዛል። Shrink text on overflow የሚለውን ምርጫ አጥፉት፤ አለበለዚያ ረጅሙ ርእስ በራሱ ጊዜ እያነሰ ከገጽ ገጽ መጠኑ ይዘበራረቃል።

ማሰሪያው መጨረሻ ላይ መሆኑ ሁለት ችግር ያመጣል። አንደኛው «ነው» ለብቻዋ ሁለተኛ መስመር ላይ መውደቋ ነው። Shift+Enter እየመቱ መስመር መስበር ፈጣን ይመስላል፤ ፊደሉ ወይም መጠኑ ሲቀየር ግን ስብራቱ መሀል ላይ ይቀራል። አንድ ቃል ማውጣት ይሻላል። ሁለተኛው ከዚህ ይከፋል፦ አሉታው የሚገለጠው መጨረሻ ላይ ነው። «የወረፋ ቁጥር መስጠት ከተጀመረ ወዲህ የካርድ ክፍሉ ቆይታ» ብሎ የመጀመሪያው መስመር ሲያልቅ፣ አድማጩ «ቀንሷል»ን በልቡ ጨርሶታል፤ ከታች ያለውን «አልቀነሰም» ሳያነብ ዓይኑ ወደ ቻርቱ ይሄዳል። ተቃርኖውን ወደ ፊት አምጡት፦ «የወረፋ ቁጥር ቢሰጥም ካርድ ክፍል ያው 64 ደቂቃ ነው»። «ቢሰጥም» የምትለዋ ገና ከመነሻው ታስጠነቅቃለች።

ድፍረት የተሞላ ርእስ ሲጻፍ መጋነንም አብሮ ይመጣል። የከተማችንን ታሪክ የሚያስተምር ስላይድ «የጎንደር አመሠራረት» ከሚለው ወጥቶ «አፄ ፋሲል በ1636 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን ቋሚ መዲና ቆረቆሩ» ቢባል ዓረፍተ ነገሩ ያማረ ነው። ግን «የመጀመሪያውን» የምትለው ቃል አትቆምም፤ አክሱም አለ፣ አባታቸው አፄ ሱስንዮስም ደንቀዝ ላይ ቤተ መንግሥት አሠርተዋል። «ከአፄ ፋሲል በኋላ የመጡት ነገሥታትም በዚያው ግቢ እየገነቡ በጎንደር ጸኑ» ብንለው የግቢው ካርታ ራሱ ይመሰክራል፤ የአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ፣ የአፄ ኢያሱ ቀዳማዊ፣ የአፄ በካፋና የእቴጌ ምንትዋብ ሕንፃዎች እዚያው በአንድ ቅጥር ውስጥ ናቸውና። «ብቻ»፣ «ሁሉም»፣ «የመጀመሪያ»፣ «ከፍተኛ» የሚሉትን እየለቀማችሁ እያንዳንዳቸውን ማስረጃ ጠይቋቸው።

የመጨረሻው ስላይድ የቃና ጉዳይም አለበት። «የመፍትሔ አቅጣጫ» የሚለው ርእስ በብዛት የሚመረጠው አለቃ ፊት ቆሞ «ይሰጥ» ማለት ስለሚከብድ ነው። ማለዘብ ይቻላል፤ ማድበስበስ ግን አይገባም። «ለእያንዳንዱ ታካሚ የካርድ ቁጥር ያለበት ወረቀት እንዲሰጥ እንጠይቃለን» ቢባል አክብሮቱም ጥያቄውም በቦታው ነው። «ትኩረት ቢሰጠው መልካም ነው» ከተባለ ግን ሰብሳቢው ምን እንደሚያጸድቅ አያውቅም።

ሁሉም ገጽ ዓረፍተ ነገር አይፈልግም። የሽፋን ገጽ፣ የክፍል መለያ፣ የጥያቄ ገጽ እንዳሉ ይቆዩ። «የጥናት ዘዴ» የሚለውን ርእስ ማየት የለመዱ ገምጋሚዎች ካሉ በ14 መጠን ከርእሱ በላይ ጥግ ላይ አስቀምጡትና ከሥሩ ዋናውን ጻፉ፦ «መረጃው የተሰበሰበው ጠዋት ብቻ ስለሆነ የከሰዓቱን ወረፋ አይወክልም»። እዚህ ላይ «ስለ» ተገቢ ናት፤ ምክንያቱ የራሳችን አሠራር ነውና።

አዳራሽ ውስጥ ያለው ኮምፒውተር የተጠቀማችሁበት የግእዝ ፊደል ላይኖረው ይችላል። ሌላ ፊደል ሲተካ ስፋቱ ይለወጥና በሁለት መስመር ያለቀው ርእስ ሦስተኛ መስመር አውጥቶ ቻርቱ ላይ ይወጣል። File > Options > Save ውስጥ Embed fonts in the file የሚለውን ምልክት አድርጉ፤ ለማንኛውም ፒዲኤፍ ቅጂውን በፍላሽ ያዙ። የሚቀጥለው ዙር ቁጥር የሌለባቸውን ስላይዶች ይይዛል፦ የቃለ መጠይቅ ውጤቶችን፣ የፎቶ ገጾችንና የሥራ ሂደት ሥዕሎችን።